18 በመቶ የተባለው ብድር በእርግጥ ስንት ነው?

ደሴ ውስጥ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ባለ አንድ በር ሱቅ ተከራይታ ልብስ የምትሰፋ አንዲት ሴት እናስብ። የስፌት መኪና አላት፤ የጨርቁን ጠርዝ የምትይዝበት ኦቨርሎክ ግን የላትም። ስለዚህ የሰፋችውን ሁሉ ተሸክማ ጎረቤት ሱቅ ትሄዳለች፤ በቁራጭ እየከፈለች ታስይዛለች። አንድ ቀን ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ኦቨርሎክ በ24,000 ብር አገኘች። ገንዘቡን ለማግኘት ወደ አንድ አበዳሪ ተቋም ሄደች።

የብድር ባለሙያው የነገራት አጭር ነው፦ 24,000 ብር፣ ለ12 ወር፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ። ዋሶቿን አቀረበች፤ ፈረመች። መስኮቱ ጋ ደርሳ ስትቆጥር በእጇ ያለው ግን 23,280 ብር ነው። 720 ብር ጎድሏል።

«እትዬ፣ 480ው ሰርቪስ ቻርጅ ነው፤ 240ው ደግሞ ኢንሹራንስ» አለቻት ገንዘብ ከፋይዋ። «በየወሩ ደግሞ ከክፍያሽ ጋር 30 ብር የሂሳብ አገልግሎት ትጨምሪያለሽ።»

ማንም አልዋሻትም። ወለዱ 18 በመቶ ነው፤ የቀሩትም ክፍያዎች ውሉ ላይ ተጽፈዋል። ነገር ግን «ይህ ብድር ስንት ያስከፍለኛል?» ብላ ብትጠይቅ ትክክለኛው መልስ 18 አይደለም። ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። ይህ ጽሑፍ ያ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። የተጠቀምኩባቸው ዋጋዎች ለሂሳቡ እንዲመቹ የተመረጡ ምሳሌዎች እንጂ የማንም ተቋም ተመን አይደሉም። አንባቢ የራሱን ውል ቁጥሮች በቦታቸው ተክቶ ያንኑ ሂሳብ መሥራት ይችላል።

በብድር ቋንቋ ይህ ቁጥር ሁሉን ያካተተ ዓመታዊ ምጣኔ ሊባል ይችላል፤ በውጭው ዓለም ኤ ፒ አር ይሉታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተበዳሪው ብድሩን ለማግኘት ግዴታ የሚከፍለው ሁሉ፣ ስሙ ወለድ ይባል ኢንሹራንስ፣ አንድ ላይ ተደምሮ፣ ገንዘቡ በእውነት በእጁ በቆየበት መጠንና ጊዜ ይለካል። ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል ማለት ነው፦ በአጠቃላይ ምን ከፈልኩ? ምን ያህል ገንዘብስ ለምን ያህል ጊዜ በእጄ ነበር? ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ላይ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ገንዘቡ በእጅ የቆየው ስንት ጊዜ ነው?

ለዚህ እቁብን የሚያህል አስተማሪ የለም። 12 ሰዎች በየወሩ 2,000 ብር የሚጥሉበት እቁብ እንውሰድ። ዕጣው 24,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለትም፣ በ12ኛው ወር የደረሰውም ዓመቱን ሙሉ የጣሉት ያው 24,000 ብር ነው። ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ የሚከራከር እቁብተኛ ግን አይገኝም። ቀድሞ የወሰደው በሌሎቹ ገንዘብ ሲሠራበት ከርሟል፤ የመጨረሻው ሲያበድር ከርሟል። ገንዘብ የቸገረው ሰው የሌላውን ዕጣ ከፍሎ የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው። የሚከፍለው ለብሩ ብዛት አይደለም፤ ብሩ ቀድሞ በእጁ ለሚቆይበት ጊዜ ነው።

የልብስ ሰፊዋ ብድርም እንዲሁ ነው። በየወሩ 2,000 ብር ከዋናው ብድር ትመልሳለች። በመጀመሪያው ወር 24,000 ብር ዕዳ አለባት፤ በሁለተኛው 22,000፤ በሦስተኛው 20,000፤ እያለ በ12ኛው ወር 2,000 ብቻ ይቀራል። እነዚህን የ12 ወራት ቀሪዎች ብንደምራቸው 156,000 ይሆናል። ለ12 ስናካፍለው 13,000 ይመጣል።

ይህ 13,000 የጽሑፉ ቁልፍ ስለሆነ ልብ እንበለው። ወረቀቱ 24,000 ብር ለአንድ ዓመት ተበድራለች ይላል። በተግባር ግን ዓመቱን በአማካይ ሲሠራላት የቆየው 13,000 ብር ነው። ስለዚህ ማናቸውም ክፍያ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ የሚመዘነው በ24,000 ሳይሆን በ13,000 ነው።

ወለዱን በዚህ እንፈትነው። በዓመት 18 በመቶ ማለት በወር 1.5 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ የ24,000 ብር 1.5 በመቶ፣ ማለትም 360 ብር ነው፤ የሁለተኛው 330፤ የሦስተኛው 300፤ የመጨረሻው 30 ብር። ድምሩ 2,340 ብር ይሆናል። 2,340ን ለ13,000 ብናካፍል በትክክል 18 በመቶ ይመጣል። ወለዱ በቀሪ ዕዳ ላይ ሲሰላ የተነገረው ቁጥርና እውነተኛው ቁጥር ይገጥማሉ።

ወለዱ በፍላት ቢሰላስ? ፍላት ማለት ዕዳው ቢቀንስም ባይቀንስም ወለዱ ዓመቱን ሙሉ በመጀመሪያው ብድር ላይ ይታሰባል ማለት ነው። የ24,000 ብር 18 በመቶ 4,320 ብር ነው። ልብስ ሰፊዋ 11ኛው ወር ላይ የቀራት ዕዳ 4,000 ብር ብቻ ሳለ፣ በ24,000 ላይ የታሰበ የ360 ብር ወለድ ትከፍላለች። ይህ ፍላት 18 በመቶ፣ በቀሪ ዕዳ ላይ ከተሰላ ወለድ ጋር ሲነጻጸር፣ ወደ 31.7 በመቶ ይጠጋል። ለዚህ ነው የወለዱን ቁጥር የሰማ ተበዳሪ «በፍላት ነው ወይስ በቀሪ ዕዳ?» ብሎ ሳይጠይቅ ከወንበሩ መነሳት የሌለበት። መልሱ ካልገባው ደግሞ የአከፋፈል ሰንጠረዡን ይጠይቅ። በወር በወሩ የሚከፈለው ወለድ እየቀነሰ ከሄደ በቀሪ ዕዳ ነው። ወርሃዊው ክፍያ ሁልጊዜ እኩል ከሆነ ግን ያ ብቻውን ፍላት መሆኑን አያሳይም፤ ሰንጠረዡ ውስጥ የወለዱ አምድ ለብቻው መታየት አለበት።

ሦስቱ ትናንሽ ክፍያዎች

ለልብስ ሰፊዋ ወለዱ በቀሪ ዕዳ ነው እንበል። ወለዱ 2,340 ብር ሆነ። አሁን ሌሎቹን አንድ በአንድ እናንሳ።

ሰርቪስ ቻርጁ የብድሩ 2 በመቶ፣ 480 ብር ነው። «2 በመቶ» ሲባል ከ18ቱ ጋር ሲተያይ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ይህ 2 በመቶ የተሰላው በ24,000 ላይ ነው፤ በእጇ በአማካይ የሚቆየው ግን 13,000 ነው። 480ን ለ13,000 ስናካፍል 3.7 በመቶ ይሆናል። ጆሮ 2 የሰማው ኪስ ሲደርስ 3.7 ሆነ።

ኢንሹራንሱ 1 በመቶ፣ 240 ብር ነው። በዚያው መንገድ ሲሰላ 1.85 በመቶ ገደማ ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የብድር ሕይወት መድን የሚባለው ተበዳሪው ቢሞት ቀሪውን ዕዳ የሚሸፍን ነው። ዕዳው በየወሩ ስለሚቀንስ መድኑ የሚሸፍነውም በየወሩ ይቀንሳል። በ12ኛው ወር የተሸፈነው 2,000 ብር ብቻ ነው። ዓረቦኑ ግን ከመጀመሪያው ቀን በሙሉው 24,000 ላይ ታስቦ ተወስዷል።

የወሩ 30 ብር የሁሉም ታናሽ ይመስላል፤ ማኪያቶ ጠጥቶ የሚረሳ ገንዘብ ነው። በ12 ወር ግን 360 ብር ነው፤ ከኢንሹራንሱ ይበልጣል። በ13,000 ሲመዘን 2.8 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህም በላይ ይህ ክፍያ ከዕዳው ጋር አይቀንስም። በመጀመሪያው ወር በ24,000 ብር ዕዳ ላይ 30 ብር ነው፤ በመጨረሻው ወርም በ2,000 ብር ዕዳ ላይ ያው 30 ብር ነው። በዚያ በመጨረሻው ወር ወለዱ ራሱ 30 ብር ስለሆነ፣ የሂሳብ አገልግሎቱ ከወለዱ ጋር እኩል ሆኗል ማለት ነው።

እንደምር። 18 እና 3.7 እና 1.85 እና 2.8፣ ወደ 26.3 በመቶ። ይህ በወረቀት ጀርባ ላይ በደቂቃ የሚሠራ ግምት ነው፤ ለአብዛኛው ውሳኔም ይበቃል። ትክክለኛው ቁጥር ግን ትንሽ ከፍ ይላል። ምክንያቱም ልብስ ሰፊዋ 24,000 ብር አልተቀበለችም። 720ው ገና ከመጀመሪያው ስለተቆረጠ በእጇ የቆየው አማካይ ገንዘብ ከ13,000ም ያነሰ ነው። ይህ ሲታሰብ ምጣኔው 26.8 በመቶ ይሆናል።

ሂሳቡን መፈተን

26.8 በመቶ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? ራሷ ልብስ ሰፊዋ ደብተር ይዛ ልትፈትነው ትችላለች። 26.8ን ለ12 ስናካፍል በወር 2.23 በመቶ ይሆናል። አሁን የአበዳሪውን ደብተር እንርሳና ሁለተኛ ደብተር እንክፈት። በዚህ ደብተር ላይ ሰርቪስ ቻርጅ የለም፤ ኢንሹራንስ የለም፤ ያለው በወር 2.23 በመቶ የሆነ አንድ ዋጋ ብቻ ነው። መነሻው ደግሞ በእውነት የተቀበለችው 23,280 ነው።

በመጀመሪያው ወር የ23,280 ብር ዋጋ በ2.23 በመቶ ወደ 520 ብር ይደርሳል። እሷ የምትከፍለው 2,000 ዋና፣ 360 ወለድ፣ 30 አገልግሎት፣ በድምሩ 2,390 ብር ነው። ከዚህ 520ው ለዋጋው ሲሄድ 1,870ው ዕዳውን ይቀንሳል፤ 21,410 ይቀራል። በሁለተኛው ወር ዋጋው 478 ብር ነው፤ የምትከፍለው 2,360፤ ዕዳው 19,528 ይሆናል። እንዲህ እየተባለ በ12ኛው ወር የመጨረሻዋ 2,060 ብር ስትከፈል ዕዳው ዜሮ ይገባል። ትልቅ ቁጥር ብንሞክር፣ ለምሳሌ በወር 3 በመቶ፣ በመጨረሻ ያልተከፈለ ዕዳ ይተርፋል። 1.5 በመቶ ብንሞክር ደግሞ ዕዳው ከጊዜው ቀድሞ ያልቃል። ዕዳውን በመጨረሻው ክፍያ ልክ ዜሮ የሚያስገባው አንድ ምጣኔ ብቻ ነው፤ የምንፈልገውም እሱን ነው።

ኮምፒውተር ወይም በስልኩ የሰንጠረዥ መተግበሪያ ያለው ሰው ሙከራውን ለማሽኑ ሊተው ይችላል። በአንድ አምድ መጀመሪያ የተቀበለውን 23280፣ ከሥሩ ደግሞ 12ቱን ክፍያዎች በመቀነስ ምልክት ይጻፍ፦ -2390፣ -2360፣ -2330፣ እያለ እስከ -2060። ከ B2 እስከ B14 ከሞላ በኋላ ይህን ያስገባ፦

```
=IRR(B2:B14)*12
```

የሚወጣው 0.268 አካባቢ ነው፤ 26.8 በመቶ ማለት ነው። አንዳንድ አገሮች የወሩን ምጣኔ በ12 ከማባዛት ይልቅ ወር በወር እየተደራረበ ዓመት ሲሞላ ምን እንደሚደርስ ያሰላሉ። በዚያ መንገድ ያው ብድር 30.3 በመቶ ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስህተቱ የአንዱን አበዳሪ በአንደኛው፣ የሌላውን በሌላኛው መንገድ አስልቶ ማወዳደር ነው።

ብድሩ ሲያንስና ጊዜው ሲያጥር

እነዚህ ክፍያዎች በሁሉም ብድር ላይ እኩል አይከብዱም። ያቺው ሴት ኦቨርሎኩን ትታ ክርና ጨርቅ ለመግዛት 6,000 ብር ብቻ ብትበደር፣ ውሉም በሁሉ ነገር ያው ቢሆን፣ ወለዱ ያው 18፣ ሰርቪስ ቻርጁ ያው 2፣ ኢንሹራንሱ ያው 1 በመቶ ነው። የወሩ 30 ብርም አልተለወጠም። ነገር ግን አሁን በአማካይ በእጇ የሚቆየው 3,250 ብር ነው። በዓመት የሚከፈለው 360 ብር በዚህ ላይ ሲመዘን ብቻውን 11 በመቶ ሆነ። ጠቅላላው ምጣኔ 34.8 በመቶ ይደርሳል። በመቶኛ የሚነገር ክፍያ ከብድሩ ጋር ያድጋል፣ ከብድሩ ጋር ያንሳል። በብር የተቆረጠ ወርሃዊ ክፍያ ግን ለትንሹም ለትልቁም ያው ስለሆነ፣ ከሁሉ የሚከብደው ትንሹን ተበዳሪ ነው።

ጊዜም እንዲሁ ነው። ሥራ ቀንቷት የ24,000 ብሩን ብድር በአራተኛው ወር ጠቅልላ ብትከፍል፣ ወለድ ታተርፋለች፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን 720ው አይመለስም እንበል። ለ12 ወር የተከፈለው ሰርቪስ ቻርጅና ኢንሹራንስ የአራት ወር ብድር ላይ ስላረፈ፣ ምጣኔው ከ26.8 ወደ 30.6 በመቶ ይወጣል። በብር ሲታይ ያነሰ ከፍላለች፤ ለእያንዳንዱ ብር በእጇ ለቆየበት ጊዜ ግን የከፈለችው በዝቷል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ቀድሜ ብከፍል ያልተሠራበት የኢንሹራንስ ክፍያ ይመለሳል ወይ?

ጊዜው ወደ አንድ ወር ሲወርድ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በስልክ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር ከጀመረ ወዲህ ይህን የመሰለ ብድር ለብዙ ሰው ቅርብ ሆኗል። አሁንም በምሳሌ ቁጥር እንሂድ። ለ30 ቀን 1,000 ብር ተበድሮ 50 ብር የአገልግሎት ክፍያ ከላይ የተቆረጠበት ሰው በእጁ የገባው 950 ነው። 50ን ለ950 ስናካፍል በወር 5.26 በመቶ፣ በዓመት 63 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ማለት ብድሩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለአንድ ሳምንት ቸግሮት ደመወዙ ሲገባ ለሚመልስ ሰው 50 ብር ተገቢ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ብድር በየወሩ እያደሰ ዓመት የሚዘልቅ ሰው ግን 63ቱን በእውነት ይከፍላል።

ኢንሹራንሱ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር?

አንድ ሰው እንዲህ ሊከራከር ይችላል፦ ኢንሹራንስ የብድር ዋጋ አይደለም፤ በምትኩ ጥበቃ የተገኘበት ሌላ አገልግሎት ነው። ይህ ክርክር የራሱ እውነት አለው፤ በዓለም ላይም ሕግ አውጪዎች ተከራክረውበታል። አሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. አበዳሪዎች ዓመታዊውን ምጣኔ በአንድ ቁጥር እንዲያሳውቁ ያስገደደ ሕግ ስታወጣ፣ ተበዳሪው በፈቃዱ የገባበትና ፈቃዱን በፊርማው ያረጋገጠበት የብድር መድን ከቁጥሩ ውጭ እንዲሆን ፈቀደች። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሸማቾች ብድር መመሪያ ደግሞ፣ ብድሩን ለማግኘት ግዴታ የሆነ መድን በቁጥሩ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። መንገዳቸው ቢለያይም መመዘኛቸው አንድ ነው፦ ያለ መድኑ ብድሩን ታገኝ ነበር ወይ?

እኛ ይህን መመዘኛ ከዕድር ጋር አስተያይተን ብናየው ይቀለናል። ልብስ ሰፊዋ የሰፈሯ ዕድር አባል ናት። ለዕድሩ በየወሩ ታዋጣለች፤ ሞት ሲመጣ ድንኳኑም፣ ገንዘቡም፣ ሰውም ወደ ቤተሰቧ ይመጣል። ዕድር የገባችው በፈቃዷ ነው፤ የሚጠቀመውም ቤተሰቧ ነው። የብድር መድን ግን ገንዘቡን የሚከፍለው ለአበዳሪው ነው። ቤተሰቡ የሚያገኘው ዕዳው እንዳይከተለው መደረጉን ነው። ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ዋስ የሆኑላትም ሰዎች ከሸክም ይድናሉ። ነገር ግን ዋናው ተጠባቂ ብድሩ ነው። «ኢንሹራንሱን አልፈልግም» ብትል ብድሩ የሚከለከል ከሆነ፣ 240ው የብድሩ ዋጋ አካል ነው፤ በ26.8ቱ ውስጥ መግባት አለበት። ምርጫ ካላት ለይታ ታየዋለች። ያኔም ምን እንደሚሸፍን መጠየቅ ይኖርባታል፦ ሞትን ብቻ ነው ወይስ ከሥራ የሚያግድ የአካል ጉዳትንም? በየትኛው ሕመም ምክንያት አልከፍልም ይላል? ቤተሰቧስ ማስረጃውን በስንት ጊዜ ውስጥ ማቅረብ አለበት?

ሁለት አበዳሪ፣ ሁለት ከተማ

አሁን ቁጥሩ ምን እንደሚጠቅም እንይ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ወንድሟ ሌላ አበዳሪ አገኘላት እንበል። የዚያኛው ወለድ 22 በመቶ ነው፤ በቀሪ ዕዳ ይሰላል፤ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ኢንሹራንስ፣ ወርሃዊ ክፍያ የሚባል ነገር የለም። በመጀመሪያ ስትሰማ ሳቀች፦ «ከ18 ሸሽቼ 22 ልገባ?»

በብር እንቁጠረው። 22 በመቶ በአማካይ 13,000 ብር ላይ 2,860 ብር ነው። የደሴው አበዳሪ 2,340 ወለድ፣ 480 ሰርቪስ ቻርጅ፣ 240 ኢንሹራንስ፣ 360 የወር ክፍያ፣ በድምሩ 3,420 ብር ያስከፍላታል። የኮምቦልቻው በ560 ብር ይረክሳል። በዚያ ላይ 24,000ው ሳይጎድል በእጇ ስለሚገባ ኦቨርሎኩን ለመግዛት 720 ብር ከሌላ ሰው መለመን አይኖርባትም። 22 ከ26.8 ያንሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ይህ ቁጥር ግን ሁሉን አይናገርም። ክፍያው በየወሩ በአካል ኮምቦልቻ ሄዶ የሚፈጸም ከሆነ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ መመለስ አለ። 12 ጊዜ የሚከፈለው የመኪና ዋጋና የተዘጋ ሱቅ ገቢ ከ560 ብር ከበለጠ ስሌቱ ይገለበጣል። እንዲሁም የኮምቦልቻው ብድር መድን የለውም፤ ክፉ ቢመጣ ዕዳው ለዋሶች ይተርፋል። የዘገየ ክፍያ ቅጣትም በምጣኔው ውስጥ የለም። ምጣኔው የሚሰላው ሁሉም ክፍያ በቀኑ እንደሚፈጸም ታስቦ ነውና፣ ገቢው ክረምት ከበጋ የሚለዋወጥ ሰው የቅጣቱን አንቀጽ ለብቻው ማንበብ አለበት።

ሕጉ የት ላይ ነው?

ስለ ወለድ ሲወራ «ሕጉ ከ12 በመቶ በላይ አይፈቅድም» የሚል ሰው አይጠፋም። መነሻው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2479 ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ እንዳይስማሙ ይደነግጋል፤ የወለዱ ልክ በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ 9 በመቶ ይሆናል። ይህ ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር የሚያገለግል ድንጋጌ ነው። ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ግን የሚሠሩት በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር፣ ለእነሱ በወጡ የራሳቸው ሕጎች ነው። የማይክሮ ፋይናንስ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 626/2001 ይመራል። የክልሉ ሰው ለረጅም ዘመን አብቁተ ብሎ የሚያውቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም በማይክሮ ፋይናንስነት ሠርቶ ነው ኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው። ስለዚህ ከእነዚህ ተቋማት ጋር 12 በመቶን ጠቅሶ መከራከር አያዋጣም።

የሚያዋጣው መረጃ መጠየቅ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ጥበቃ የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል፤ አበዳሪው የአገልግሎቱን ዋጋና ሁኔታ ተበዳሪው ሳይፈርም በፊት ግልጽ አድርጎ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ «ሰንጠረዡን ስጡኝ፤ ቤት ወስጄ ልየው» ማለት ውለታ መጠየቅ አይደለም።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚመርጥ ብዙ ሰው አለ። በሙራበሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። የሃይማኖቱ ጉዳይ የዐዋቂዎቹ ነው፤ ወጪውን ለማነጻጸር ግን ያው ሂሳብ ይሠራል። ኦቨርሎኩ በእጅ በእጅ 24,000 ብር ከሆነና በ12 እኩል ክፍያ በ27,000 ከተሸጠ፣ ትርፉ 3,000 ነው፤ ያም የሚመዘነው ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ መሆኑን ታሳቢ አድርጎ ነው። ከዚያ ውጭ የሚጠየቅ የፋይል መክፈቻ ወይም የታካፉል ክፍያ ካለም ይደመራል።

ወደ ልብስ ሰፊዋ እንመለስ። በሚቀጥለው ጊዜ ብድር ስትጠይቅ «ወለዱ ስንት ነው?» ብላ አትጀምርም። አንድ ቁራጭ ወረቀት ታወጣና ሦስት ነገር ታስጽፋለች፦ በመስኮቱ የምቀበለው ስንት ብር ነው? በየወሩ የምከፍለው፣ ሁሉም ተጨምሮ፣ ስንት ነው? ያ ክፍያስ ስንት ወር ይዘልቃል? ሦስቱ ቁጥሮች ከተጻፉ፣ ወለድ የተባለው፣ ሰርቪስ ቻርጅ የተባለውና ኢንሹራንስ የተባለው ሁሉ ውስጣቸው ገብቷል። ቀሪውን ማታ ቤቷ፣ በልጇ ስልክ፣ ራሷ ታሰላዋለች።